ዋጋ ጠያቂው፣ ያዘዘውና ቅር የተሰኘው

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ከሚሸጡት መካከል ውጭ አገር ያለውን ደንበኛቸውን በዋትስአፕ የሚያስተናግዱ አሉ። ዋሽንግተን ያለችው ደንበኛ ከሥራ ወጥታ ስትጽፍ አዲስ አበባ ተኝታለች። ጠዋት ስልኩ ሲከፈት ዋጋ የጠየቀችውም፣ ቀብድ የላከችውም፣ እጅጌው አጠረ ብላ የተቆጣችውም በአንድ ዝርዝር ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ።

ችግሩ፣ ዋትስአፕ የሚደረድራቸው በጻፉበት ሰዓት እንጂ በጉዳያቸው ክብደት አለመሆኑ ነው። ቀብድ ከፍላ ዝም ያለችው ደንበኛ “ስንት ነው?” ብለው በጻፉ ሰዎች ሥር ትቀበራለች። ነጋዴዋ የምታስታውሳት በዓሉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ያኔ ደግሞ ሸማኔው አይደርስላትም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ነጻው ዋትስአፕ ቢዝነስ ለዚህ የሚሆን መፍትሔ አለው፤ መለያ ይባላል። ንግግሩን በጣት ተጭኖ በመያዝ መለያ ይለጠፍበታል። መተግበሪያው “New customer”፣ “New order”፣ “Pending payment”፣ “Paid” እና “Order complete” የሚሉ መለያዎች ይዞ ይመጣል፤ ሌላም መጨመር ይቻላል። ከሁሉ በፊት መጨመር ያለበት “ቅሬታ” የሚል ነው። መለያውን ደንበኛዋ አታየውም። ግን በራሱ አይለወጥም፤ ቀብዱ ሲገባ አሮጌውን አንስቶ አዲሱን መለጠፍ የሻጯ ሥራ ነው። ይህ ከተዘነጋ ከወር በኋላ ሁሉም ሰው “New order” ሆኖ ይገኛል፤ መለያውም ትርጉም ያጣል።

ዋጋ ጠያቂዎቹን ለማቅለል ከሁሉ የሚጠቅመው ካታሎግ ነው። እያንዳንዱ ቀሚስ ከፎቶው ጋር ዋጋውና የሚወስደው ጊዜ ከተጻፈለት አብዛኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ ይመለሳል። “በውስጥ መስመር ያናግሩን” የሚለው ልማድ ግን ሥራውን መልሶ በሻጯ ላይ ይጭነዋል። ለሚደጋገመው መልስ ፈጣን ምላሽ አለ፦ ለምሳሌ `/size` ብሎ መጻፍ፣ ደንበኛዋ ልኬቷን እንዴት እንደምትወስድ የሚያስረዳውን ሙሉ መልእክት ያወጣል።

ትእዛዝ ላይ ግን መቸኮል አይገባም። አንዲት አሜሪካ ያለች ደንበኛ “ደረት 38፣ እጅጌ 22” ብላ ላከች እንበል። ደረቱ በኢንች መሆኑ ግልጽ ነው፤ 38 ሴንቲ ሜትር ደረት ያላት ትልቅ ሰው የለችም። እጅጌው ግን ያሳስታል። 22 ኢንች 56 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ረጅም እጅጌ ነው፤ 22 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አጭር እጅጌ ይሆናል። ሰፊው ሁለቱንም ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ሻጯ ክር ከመቆረጡ በፊት ሁሉንም በአንድ መልእክት ጠቅልላ ትልካለች፦ “ነጭ መነን፣ አረንጓዴ ጥለት፣ ደረት 97 ሴ.ሜ፣ እጅጌ 56 ሴ.ሜ፣ ዋጋ 12,000 ብር፣ ቀብድ 6,000፣ ለመስከረም 5 ይደርሳል። ትክክል ከሆነ ‘እሺ’ በይኝ የኔ እህት።” “እሺ” ሲመጣ ያንን መልእክት በኮከብ ምልክት ማስቀመጥ ይበጃል።

ከዚያ ንግግሩ ወደ “Pending payment” ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይጎዳሉ፤ የተላከ የደረሰኝ ስክሪንሹት ክፍያ አይደለም፣ ሊቀየርም የሌላ ሰው ሊሆንም ይችላል። “Paid” የሚለጠፈው ገንዘቡ በባንክ ሂሳብ ወይም በቴሌብር መግባቱ በራስ ስልክ ከታየ በኋላ ነው።

ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው “አይተነዋል፣ ዛሬ ማታ እመልስልሻለሁ” የሚል አጭር ቃል ነው፤ ሰዓቱ ከተባለ መከበር አለበት። ቀጥሎ ቀሚሱ ተዘርግቶ፣ ሜትር እጅጌው ላይ ተደርጎ የተነሳ ፎቶ ይጠየቃል። ሜትሩ 56 ካሳየ፣ በኮከብ የተቀመጠው መልእክት ይወጣል፤ ስለ ማስተካከያው ወጪ መነጋገር የሚቻለው ያኔ ነው። 50 ካሳየ ስህተቱ የሰፊው ነው፤ ሻጯ ሳትከራከር ማስተካከያውን ትከፍላለች ወይም ሌላ ታሰፋለች። መፍትሔው እጅ እስኪገባ “ቅሬታ” የሚለው መለያ አይነሳም፤ ደንበኛዋ ዝም ብትልም እንኳ። ዝምታ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሱቅ ሄዳለች ማለት ነው።

አንዲት ደንበኛ ለራሷ የተረከበችውን ጨርሳ ለልጇ ሌላ ልታዝ ትችላለች። ያን ጊዜ መለያውን በንግግሩ ሳይሆን በእያንዳንዱ የማረጋገጫ መልእክት ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ የእናቲቱ “Order complete”፣ የልጅቱ “New order” ሆኖ ሳይደበላለቅ ይቀመጣል።