አንድ ፒዲኤፍ፣ ሁለት የገጽ ቁጥር

በመጽሐፍ መልክ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት የገጽ ቁጥር አለው። አንዱ ገጹ ግርጌ ላይ ታትሞ የምናነበው ነው። ሌላው ኮምፒውተሩ ከሽፋኑ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የሚቆጥረው ነው። ሽፋኑ፣ የአሳታሚው ገጽ፣ ማውጫውና መቅድሙ ለኮምፒውተሩ ገጽ ናቸው፤ ለመጽሐፉ ግን «ገጽ 1» የሚጀምረው ከእነሱ በኋላ ነው። ትልቅ ፋይል በየምዕራፉ ሲከፈል የምዕራፉ መጀመሪያ ተቆርጦ የሚቀረው፣ የተለያዩ ሰነዶች ሲቀላቀሉም ቁጥሩ የሚዘበራረቀው በአብዛኛው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንድ ተደርገው ስለሚታዩ ነው።

ከመክፈሉ እንጀምር። አንድ መምህር 268 ገጽ ያለው የመማሪያ መጽሐፍ በፒዲኤፍ አለው እንበል። ተማሪዎቹ በሞባይል ዳታ ሙሉውን ከሚያወርዱ ሁለተኛውን ምዕራፍ ብቻ በቴሌግራም ሊልክላቸው ይፈልጋል። ማውጫው ምዕራፍ 2 በገጽ 35 ይጀምራል፣ ምዕራፍ 3 ደግሞ በገጽ 69 ይላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከ35 እስከ 68 ያለው ነው። ነገር ግን ለመክፈያ ፕሮግራሙ 35 እና 68 ብሎ ቢጽፍለት የምዕራፍ 1ን መጨረሻ ይዞ፣ የምዕራፍ 2ን መጨረሻ ትቶ ይወጣል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የራሱን ቆጠራ ብቻ ነውና።

መፍትሔው ልዩነቱን ማግኘት ነው። መጽሐፉ ላይ «1» የሚል ቁጥር የታተመበትን ገጽ ከፍቶ ፕሮግራሙ ስንተኛ ገጽ እንደሚለው ማየት ይበቃል። 11ኛ ከሆነ ልዩነቱ 10 ነው፤ የሚቆረጠውም ከ45 እስከ 78 ነው። ሥራው በዚህ ያለቀ ይመስላል፤ እኔ ግን ይህን ልዩነት በአንድ ገጽ ብቻ ለክቶ ማመን ትክክል አይመስለኝም። ከመጽሐፉ መሃልና ከመጨረሻው አካባቢም መለካት አለበት። በተለይ መጽሐፉ ከወረቀት ስካን የተደረገ ከሆነ ልዩነቱ መንገድ ላይ ይለወጣል። መጀመሪያ 10 የነበረው መጨረሻ ላይ 9 ከሆነ አንድ ገጽ ሳይነሳ ታልፏል ማለት ነው። 11 ከሆነ ደግሞ አንድ ገጽ ሁለቴ ተነሥቷል፤ አለዚያም ቁጥር የሌለው የሥዕል ገጽ መሃል ገብቷል። የት እንደተዛባ ለማግኘት ገጾቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ አያስፈልግም። መሃሉን ማየት ነው፤ እዚያ ልዩነቱ ገና 10 ከሆነ ችግሩ ያለው በሁለተኛው ግማሽ ነው። ያንንም ግማሽ እንዲሁ ለሁለት እየከፈሉ ሲሄዱ ጥቂት ገጾችን ብቻ ከፍቶ ጉድለቱ ላይ ይደረሳል። ስንት ተማሪ የጎደለ ገጽ እንዳለው ሳያውቅ ለፈተና እንደሚቀመጥ ሳስበው፣ ለዚህ ፍተሻ የሚጠፋው ጊዜ ምንም አይደለም።

ለመቁረጡ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። መስኮት ከፍቶ በማውዝ መሥራት ለሚመርጥ PDFsam Basic ይሆነዋል። ፋይሉ በጎን በኩል የሚታይ የምዕራፍ ዝርዝር ካለው Split by bookmarks የሚለው ምርጫ ምዕራፎቹን ራሱ ለይቶ ይቆርጣል፤ ቁጥር መጻፍም አይጠበቅብንም። ስካን የተደረጉ መጻሕፍት ግን ይህ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። ትእዛዝ መጻፍ ለማይከብደው qpdf የሚባለው ፕሮግራም ይህን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፦

```
qpdf book.pdf --pages . 45-78 -- 02.pdf
qpdf 02.pdf --set-page-labels 1:D/35 -- unit02.pdf
```

ሁለተኛው መስመር ብዙዎች የሚዘሉት ነው። የተቆረጠው ፋይል 34 ገጽ አለው፤ ስልኩ ላይ ሲከፈት ከ1 እስከ 34 ይቆጠራል፤ ወረቀቱ ላይ ግን 35 ተጽፏል። መምህሩ «ገጽ 41ን ክፈቱ» ሲል ተማሪው እንዲህ ያለ ገጽ የለም ብሎ ይቸገራል። ይህ ትእዛዝ የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ 35 ተብሎ እንዲጠራ ያደርጋል። ቁጥሩን ገጹ ላይ አያትምም፤ ለፕሮግራሙ ስሙን ይነግረዋል እንጂ። ስሙን የሚያነቡ ፕሮግራሞች ከዚያ በኋላ ከታተመው ጋር የሚገጥም ቁጥር ያሳያሉ። ሁሉም የስልክ ፕሮግራሞች ግን አያነቡትም።

አንድ የሚያስገርም ነገር ሊያጋጥም ይችላል። 80 ሜጋባይት የነበረ መጽሐፍ ለስምንት ተከፍሎ እያንዳንዱ ምዕራፍ ወደ 80 የሚጠጋ ሆኖ ይወጣል። ይህ የሚሆነው አንዳንድ ፒዲኤፎች ፊደላቱንና ሥዕሎቹን በአንድ የጋራ ዝርዝር ስለሚይዙ፣ መክፈያውም ዝርዝሩን እንዳለ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ስለሚሰጥ ነው። ቁራጩ ከገጾቹ ብዛት ጋር የማይመጣጠን ክብደት ካለው በሌላ መክፈያ መሞከር ያሻል።

መቀላቀል ከዚህ ይከብዳል። ምሳሌው በየዓመቱ ከምረቃ በፊት በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ ባሉ የጽሕፈትና የጥረዛ ቤቶች የሚታየው የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ይሁን። የፊት ገጾቹ፣ ማለትም አርእስቱ፣ ተፈርሞበት ስካን የተደረገው የማጽደቂያ ገጽ፣ ምስጋናውና ማውጫው፣ 10 ገጽ ናቸው። ምዕራፍ 1 14 ገጽ፣ ምዕራፍ 2 22፣ ምዕራፍ 3 11፣ ምዕራፍ 4 31፣ ምዕራፍ 5 8፣ ዋቢዎች 6፣ በስልክ የተነሡ መጠይቆች ያሉበት አባሪ ደግሞ 12 ናቸው። በጠቅላላው 114 ገጽ።

ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ በወርድ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ የእኔ ምክር አንድ ሰነድ አድርገው ያስቀጥሉት የሚል ነበር፤ ቁጥሩንም ማውጫውንም ወርድ ራሱ ይሠራዋል። ችግሩ የተፈረመበት ወረቀትና የተነሣ ፎቶ ሲገባበት፣ ምዕራፎቹም በተለያየ ኮምፒውተር ሲጻፉ ነው። አማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጽሑፉ የተጻፈበት ፊደል በሌላው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ በሌላ ይተካል፤ ስፋቱና ቁመቱ ስለሚለያይም 22 ገጽ የነበረው 24 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምዕራፍ በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ይለወጥ። ከመለወጡ በፊት ግን የየራሱ የገጽ ቁጥር ይጥፋ። ይህ ካልተደረገ በኋላ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ይወጣል። የቀድሞውን በነጭ ሳጥን መሸፈን መፍትሔ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አይጠፋም፣ ፍለጋ ሲደረግም ይወጣል።

ለፋይሎቹ 00፣ 01፣ 02 እያሉ ስም መስጠት ይጠቅማል። ብዙ ፕሮግራሞች በስም ሲደረድሩ 10ኛውን ከ2ኛው ያስቀድማሉና፣ ዜሮዋ ቅደም ተከተሉን ትጠብቃለች። ከዚያ መቀላቀል ነው፦

```
qpdf --empty --pages 00.pdf 01.pdf 02.pdf 03.pdf 04.pdf 05.pdf 06.pdf 07.pdf -- all.pdf
```

አሁን ቁጥሩ። እኔ ከሁሉ የምመርጠው መንገድ ቁጥር ብቻ ያለበት ባዶ ሰነድ አዘጋጅቶ በላዩ ላይ መደረብ ነው። በወርድ ወይም በሊብሬኦፊስ ባዶ ኤ4 ሰነድ ይከፈታል፤ ግርጌው ላይ የገጽ ቁጥር ይገባል፤ Ctrl እና Enter አብረው እየተጫኑ ገጾቹ 150 ያህል እስኪሆኑ ይበዛሉ፤ ከዚያ nums.pdf ተብሎ ይቀመጣል። የሚያስፈልገን 104 ነው፤ ትርፉ ጉዳት የለውም፣ ፕሮግራሙ ይተወዋል። ይህ ፋይል አንዴ ከተሠራ ለሌላም ሰነድ ያገለግላል። የፊት ገጾቹ በሮማውያን ቁጥር ስለሆኑ በራሳቸው ፋይል ውስጥ አስቀድመው ይጻፋሉ፤ የእኛ ቁጥር ከ11ኛው ገጽ ይጀምራል፦

```
qpdf all.pdf --overlay nums.pdf --to=11-z -- stamped.pdf
qpdf stamped.pdf --set-page-labels 1:r 11:D -- thesis.pdf
```

z ማለት የመጨረሻው ገጽ ነው። ሁለተኛው መስመር እንደ ቀድሞው ለፕሮግራሙ ስም ይሰጣል፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች በትንንሽ የሮማውያን ቁጥር ይጠራሉ፣ ከ11ኛው ጀምሮ 1፣ 2፣ 3 ይላል።

ማውጫው በእጅ ይሞላል፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። ምዕራፍ 1 ከ1 እስከ 14 ስለሆነ ምዕራፍ 2 በ15 ይጀምራል፤ ምዕራፍ 3 በ37፣ ምዕራፍ 4 በ48፣ ምዕራፍ 5 በ79፣ ዋቢዎች በ87፣ አባሪ በ93። የፊት ገጾቹ በሮማውያን ቁጥር መሆናቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ማውጫው ራሱ በአንድ ገጽ ቢረዝም ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም አይነካም፤ ትእዛዙ ውስጥ ያለው 11 ብቻ 12 ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው አባሪው ነው። ከስልክ የመጣ ፎቶ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ የገጹ ስፋት ከኤ4 ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ስክሪን ላይ ግን ሁሉም እኩል ሆኖ ስለሚታይ አያስታውቅም። የሚያጋልጠው ቁጥሩ ነው፤ እዚያ ገጽ ላይ በጣም አንሶና ከግርጌው ርቆ ወደ መሃል ገብቶ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ፎቶዎቹን ባዶ ኤ4 ሰነድ ውስጥ አስገብቶ እንደገና ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው። የመታወቂያ ቅጂ ወይም ማኅተም ያለበት ወረቀት ያለበትን ሰነድ ደግሞ በኢንተርኔት ለሚቀላቅል አገልግሎት አለመስጠት ይሻላል፤ ከላይ ያሉት ፕሮግራሞች ሁሉንም በራስ ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ። በዲጂታል መንገድ የተፈረመ ፒዲኤፍም ሲቀላቀል ፊርማው ዋጋ ያጣል፤ እንዲህ ያለው ሰነድ ተለይቶ ለብቻው ይላክ።

ከመታተሙ በፊት የሚከፈቱት ገጾች ጥቂት ናቸው፦ 10ኛውና 11ኛው፣ የእያንዳንዱ ምዕራፍ የመጀመሪያ ገጽ፣ አንድ ሁለት የአባሪ ገጽ፣ እና የመጨረሻው። ኮምፒውተሩ 114 ሲል ግርጌው ላይ 104 ከታተመ ቆጠራው ገጥሟል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ማውጫው ላይ ካለው ጋር የማይስማማ ምዕራፍ ካለ ከእሱ በፊት ባለው ምዕራፍ ውስጥ ገጽ ተጨምሯል ወይም ጎድሏል።

ፈታኙ ምዕራፍ 2 ይስተካከል ቢልና ምዕራፉ 24 ገጽ ቢሆን፣ የሚለወጡት 02.pdf እና ማውጫው ያለበት 00.pdf ብቻ ናቸው። ሦስቱ ትእዛዞች እንዳሉ ይደገማሉ፤ ማውጫው ላይ ደግሞ ከምዕራፍ 3 ጀምሮ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ይጨመርበታል። ምዕራፍ 3 በ39 ይጀምራል፣ አባሪው በ95።