ዜሮ ላይ የሚያቆመው ቅጣት

እ.ኤ.አ. በ1996 የስታቲስቲክስ ምሁሩ ሮበርት ቲብሺራኒ ላሶ የተባለውን ዘዴ ባስተዋወቀበት ጽሑፍ ከተጠቀመባቸው መረጃዎች አንዱ የ97 የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች መዝገብ ነበር። ስለ እያንዳንዱ ሰው ዕድሜውን፣ የዕጢውን መጠንና ሌሎችንም ጨምሮ 8 ነገሮች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ተነስቶ፣ በደም ውስጥ የሚለካውን ፒኤስኤ የተባለ ፕሮቲን መጠን መገመት ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው። ሞዴሉ እያንዳንዱን መረጃ በአንድ ቁጥር ያባዛና ውጤቱን ይደምራል፤ ይህ አባዥ ቁጥር ዌይት ይባላል። ላሶ ከ8ቱ ዌይቶች 5ቱን ልክ ዜሮ አደረጋቸው። የቀሩት የዕጢው መጠን፣ የፕሮስቴቱ ክብደት እና ካንሰሩ ወደ ዘር ከረጢቶች መዛመት አለመዛመቱ ናቸው።

ከእሱ በፊት ሆርልና ኬናርድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረቡት ሪጅ የተባለው ዘዴ ግን 8ቱንም ያሳንሳቸዋል እንጂ አንዱንም አይጥልም። ሁለቱም ሬጉላራይዜሽን ናቸው። ልቅ የተለቀቀ ሞዴል የ97 ሰዎችን የአጋጣሚ ልዩነት ሳይቀር ስለሚሸመድድ፣ 98ኛው ሰው ሲመጣ ይሳሳታል። ስለዚህ በስህተቱ ላይ ሌላ ሒሳብ ይደመርበታል፤ ዌይቱ በገዘፈ ቁጥር ቅጣት ይከፍላል። የሚለያዩት በቅጣቱ አተማመን ነው። ሪጅ የሚጠቀምበት ኤል-ቱ የዌይቱን ካሬ ይወስዳል። ላሶ የሚጠቀምበት ኤል-ዋን ደግሞ ምልክቱን ትቶ መጠኑን ብቻ ይወስዳል።

ይህች ትንሽ ልዩነት እንዴት ዜሮ እንደምትወልድ ለማየት አንድ ዌይት ብቻ እንያዝ። መረጃው ብቻውን ቢወስን ኖሮ ይህ ዌይት 0.8 ይሆን ነበር እንበል። ስህተቱ ከ0.8 የራቀበት ርቀት ካሬ ግማሽ ይሁን፤ የኤል-ቱም ቅጣት የዌይቱ ካሬ ግማሽ፣ የኤል-ዋን ቅጣት ደግሞ ራሱ የዌይቱ መጠን።

ዌይቱ ዜሮ ላይ ሲቆም ስህተቱ 0.32 ነው። ወደ 0.1 ብናነሳው ስህተቱ ወደ 0.245 ይወርዳል፤ ትርፋችን 0.075 ነው። ኤል-ቱ ለዚህ እርምጃ የሚያስከፍለው 0.005 ብቻ ስለሆነ መነሳቱ ያዋጣል፤ ዌይቱም እስከ 0.4 ድረስ ይሄዳል። ኤል-ዋን ግን 0.1 ያስከፍላል። 0.075 ለማትረፍ 0.1 መክፈል ኪሳራ ነውና ዌይቱ ካለበት አይነቃነቅም። እርምጃውን ወደ 0.01 ብናሳጥረውም ትርፉ 0.008 አይሞላም፣ የኤል-ዋን ክፍያ ግን 0.01 ነው።

ምክንያቱ ትንሽ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ይበልጥ ማነሱ ነው። ኤል-ቱ ዜሮ አጠገብ ከሞላ ጎደል በነፃ ስለሚያሳልፍ፣ ዌይቱን የመጨረሻዋን ስንዝር የሚገፋው ኃይል የለም። የኤል-ዋን ተመን ግን እስከ ዜሮ ድረስ አይቀንስም። በዚህ ምሳሌ መረጃው ከ1 በታች የሚፈልገው ዌይት ሁሉ ዜሮ ይሆናል፤ 3 የሚፈልገው 2 ይሆናል፣ 10 የሚፈልገው 9። ኤል-ቱ ደግሞ ሁሉንም በግማሽ ይቆርጣል፤ 3ን 1.5፣ 10ን 5 ያደርጋል። ብርቱ የሆነው በትልልቆቹ ላይ ነው።

ቅጣቱ መመረጡ ብቻውን ግን ዜሮ አያመጣም። በተለመደው ግራዲየንት ዲሰንት ኤል-ዋንን ያሠለጠነ ሰው ውጤቱን ሲያትም እንደ 0.0003 ያሉ ቁጥሮች ያገኛል እንጂ ዜሮ አያይም። እርምጃው ዜሮን አልፎ ወዲያ ማዶ ይወድቃል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ከዌይቱ ላይ ቅጣቱን መቀነስና፣ ቅናሹ ዜሮን የሚያሻግረው ከሆነ እዚያው ዜሮ ላይ ማቆም ነው።

ሌላው ችግር መንታ መረጃ ነው። ሁለት መለኪያዎች አንድ ነገር ቢለኩና በድምሩ 2 የሆነ ዌይት ቢያስፈልግ፣ ለኤል-ዋን 2ና 0 ወይም 1ና 1 እኩል 2 ያስከፍሉታል። ስለዚህ ምርጫውን መረጃው ውስጥ ያለች ጥቂት ልዩነት ትወስነዋለች፤ ከታማሚዎቹ ጥቂቶቹን አውጥተን ብናሰላ የቀረው ሊወድቅ፣ የወደቀው ሊነሳ ይችላል። በመሆኑም ዜሮ የሆነውን መለኪያ «ከበሽታው ጋር አይገናኝም» ማለት ስህተት ነው። ስሌቱን ከመረጃው በተለያዩ ክፍሎች ላይ ደጋግሞ የተመረጡት ሲቀያየሩ ያየ ሰው፣ መንታዎች እንዳሉ መጠርጠር አለበት። ኤል-ቱ እዚህ አያመነታም፤ 2ና 0 2 ሲያስከፍሉ 1ና 1 ግን 1 ብቻ ስለሚያስከፍሉ ሸክሙን ያካፍላል። ዙና ሄስቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢላስቲክ ኔት ብለው ሁለቱን ቅጣቶች የደመሩት ለዚህ ነው፤ ኤል-ዋን የማይረቡትን ይጥላል፣ ኤል-ቱ መንታዎቹን አብረው እንዲቆዩ ያደርጋል።