ያው ስድብ፣ ሌላ አፍ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጅነት ጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። አንደኛው አርፍዶ ገና በሩ ላይ ብቅ ሲል፣ ከመካከላችን ጨዋታ አዋቂው እጁን ግንባሩ ላይ እንደ ጥላ ዘርግቶ፣ "ኧረ መጋረጃውን ዝጉ፣ ይሄ መላጣ ፀሐይዋን ይዟት መጣ!" አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሁላችንም አብልጦ የሳቀው ራሱ መላጣው ነበር። እየሳቀ ሄዶ የተሳዳቢውን ቦርጭ ቆንጠጥ አደረገና፣ "አንተስ ስንተኛ ወርህ ነው?" አለው። እንደገና ሳቅን።

በዚያን ዕለት አንድ እንግዳም አብሮን ነበር። ከእኛ አንዱ የሥራ ባልደረባውን ይዞት መጥቶ፣ ሁላችንም ገና መተዋወቃችን ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መላጣው ጓደኛችን ስኒ ሊያቀብል ብድግ ሲል፣ እንግዳው በሳቅ ፊት፣ "ኧረ ከመስኮቱ ዞር በል አንተ መላጣ፣ ፀሐዩ ፈጀን" አለው። ማንም አልሳቀም። ጓደኛችን ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ስኒውን አቀበለና ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ኮቱን ከሰቀለበት ኮፍያውን አምጥቶ አጠለቀ። እንግዳው ፊቱ ቀልቶ፣ "ቀልዴን ነው እኮ" አለ። ያ ቃል ዝምታውን ይበልጥ አከበደው።

ቃሉ አንድ ነው። ቀልዱም አንድ ነው፤ እንዲያውም የእንግዳው ለስለስ ይል ነበር። ታዲያ የመጀመሪያው ያሳቀን፣ ሁለተኛው ያሳፈረን ለምንድን ነው? "ስለማይተዋወቁ" ማለት ቀላል ነው፤ ግን መተዋወቅ በስድቡ ላይ ምን ስለሚያደርግ ነው የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቀራል።

ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ የሰጡኝ ፒተር ማግሮው እና ኬሌብ ዋረን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ማግሮው በቦልደር በሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሰው በምን እንደሚስቅ የሚያጠና ቤተ ሙከራ አቋቁሟል። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረቡት ሐሳብ፣ ቀደም ብሎ በ1998 ቶማስ ቪች የተባለ የቋንቋ ሊቅ ከጻፈው የተነሣ ሲሆን፣ በአማርኛ "ጉዳት የለሽ ጥሰት" ብንለው ያስኬዳል። አንድ ነገር የሚያስቀን ሁለት ነገሮችን በአንድ ቅጽበት ስናይበት ነው ይላሉ። አንደኛው ጥሰት ነው፦ መሆን የሌለበት ነገር ሆኗል፣ ክብር ወይም ወግ ወይም ደኅንነት ተነክቷል። ሁለተኛው ደግሞ ያ ጥሰት ጉዳት እንደሌለው መሰማቱ ነው። ጥሰቱ ብቻ ካለ እንቆጣለን ወይም እንፈራለን። ጉዳት የለሽነቱ ብቻ ካለ ደግሞ ነገሩ ተራ ነገር ሆኖ ያልፋል።

ይህን በገላችን የምናውቀው በኩርኮራ ነው። ሰው ራሱን ኮርኩሮ አይስቅም፤ የተደፈረ ነገር የለምና። ወንድሙ ብብቱን ሲኮረኩረው ይንፈራፈራል፣ ይስቃል። ያንኑ ነገር ታክሲ ሰልፍ ላይ የማያውቀው ሰው ቢያደርግበት ግን ጠብ ነው። ጣቱ ጣት፣ ብብቱም ብብት ነው። የተለወጠው፣ የተነካው ሰው "ይሄ አይጎዳኝም" ማለት መቻሉና አለመቻሉ ነው።

ጥሰት በምን ጉዳት የለሽ ይሆናል? ተመራማሪዎቹ ሦስት መንገድ ያሳያሉ። የመጀመሪያው፣ ድርጊቱ በአንድ ደንብ ሲታይ ስሕተት ሆኖ በሌላ ደንብ ሲታይ ትክክል መሆኑ ነው። "መላጣ" ማለት በአክብሮት ደንብ ነውር ነው፤ በአብሮ አደግነት ደንብ ግን "ናፍቀኸኛል፣ ና ተቀመጥ" ማለት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ባንድ ላይ ቆመው ስለሚታዩ እንስቃለን። እንግዳው ሲናገረው ሁለተኛው ትርጉም አልነበረም። ሃያ ዓመት አብሮ መብላት፣ አብሮ መቀጣት፣ ልቅሶ መድረስ የሠራው ትርጉም ነውና አንድ ሰው በሩብ ሰዓት አያገኘውም። ያለ እሱ ደግሞ የሚቀረው ባዶው ስድብ ብቻ ነው።

አማርኛ ለዚህ ማስረጃ ከራሱ ጓዳ ያወጣል። ወንድን "አንቺ" ብሎ መጥራት ሲያቆላምጡት ይሆናል፤ እናት ልጇን፣ ወዳጅ ወዳጁን "ነይ እስቲ አንቺ" ይለዋል፣ እሱም ደስ ይለዋል። ያቺኑ "አንቺ" ባላንጣው መንገድ ላይ ቢወረውርበት እጅ የሚያማዝዝ ስድብ ትሆናለች። አንድ ፊደል አልተለወጠም።

ሁለተኛው መንገድ፣ ሰውየው ለተጣሰው ነገር ብዙም አለመጨነቁ ነው። ተመራማሪዎቹ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ምእመናንን ለመሳብ ትልቅ የቅንጦት መኪና በዕጣ ሲያወጣ የሚያሳይ ታሪክ ለሰዎች አቀረቡ። ነገሩ የቤተ ክርስቲያንን ክብር እንደሚነካ ተሳላሚውም የማይሳለመውም ያያል። የሚስቀው ግን አዘውትሮ ቤተ ክርስቲያን ከሚሄደው ይልቅ የማይሄደው ሆኖ ተገኘ። ስለ ፀጉሩ ግድ የሌለው ሰው "መላጣ" ሲባል የሚስቀው፣ በየማለዳው መስተዋት ፊት የሚጨነቀው ደግሞ የሚያዝነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ርቀት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገር ይመስለኛል። ጉዳቱ በጊዜ፣ በቦታ ወይም በዝምድና ከራቀን ለመሳቅ ይቀለናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 መጨረሻ ሳንዲ የተባለው ማዕበል የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ሲመታ፣ ማግሮውና ባልደረቦቹ ስለ ማዕበሉ የተቀለዱ ቀልዶችን በተለያየ ጊዜ ለተለያዩ ሰዎች እያሳዩ ምን ያህል እንደሚያስቁ ጠየቁ። ጉዳቱ ሳይታወቅ በፊት ቀልዶቹ ያስቁ ነበር። ሞቱና ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ሳቁ እየወረደ ሄዶ በ15ኛው ቀን ገደማ ከሁሉ በታች ሆነ። ከዚያ መልሶ ወጣና በ36ኛው ቀን ገደማ ጫፍ ደረሰ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ቁስሉ ስለ ቀረበ አላሳቀም፤ በመጨረሻም ነገሩ ከመራቁ የተነሣ ጥሰት መሆኑ ራሱ ደበዘዘ።

እንግዲህ "ቅርብ ሰው ሲሰድብ ያስቃል" እና "ራቅ ያለ ነገር ያስቃል" የሚሉት የሚጋጩ ይመስላሉ። አይጋጩም፤ ሁለት ዓይነት ቅርበት ስላለ ነው። አንዱ የተናጋሪው ለአድማጩ ቅርበት ነው፤ እሱ ስድቡን ያለዝበዋል። ሌላው የስድቡ ለቁስሉ ቅርበት ነው፤ እሱ ደግሞ ያመረዋል። ስለዚህ የልብ ወዳጅም ቢሆን እርጥብ ቁስል ከነካ አይስቁለትም። እንዲህ ያለውን በዚያው በኛ ማኅበር አይቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላው ጓደኛችን ታምሞ የካንሰር መድኃኒት ሲወስድ ፀጉሩ ረገፈ። ሊጠይቁት ሲሄዱ፣ ያ ማንንም የማይምረው ጨዋታ አዋቂያችን ስለ ራስ ፀጉር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስለ ኳስ አወራ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ማንም አልከለከለውም። ፍቅሩ ያው ነበር፣ ቃሉም ያው ነበር፤ የታመመው ሰው ግን "ይሄ አይጎዳኝም" የሚልበት ቦታ አልነበረውም።

አባቶቻችን ይህን ሳይጽፉት ያውቁት ነበር ማለት እደፍራለሁ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል። በገና ዕለት በየሜዳው ሩር ሲመታ ጌታና ሎሌ ባንድ ሜዳ ይራወጡ ነበር። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድብ ነበር፤ ሹም ቢሆን፣ ባለርስት ቢሆን አይቀርለትም ነበር። ያ ግጥም በማግስቱ ቢደገም የሚያስገርፍ ነበር። በዚያ ቀን ግን በዓሉ ሌላ ደንብ ይዞ ስለሚመጣ፣ የጌታው መሰደብ ጥሰትነቱን ሳይለቅ ጉዳቱን ይለቃል። የሚያስቀውም ጌታ ጌታ ስለሆነ ነው። ክብር የሌለውን ሰው መስደብ ምን ይደፍራል?

ወደ እንግዳው ልመለስ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከእኛ ጋር ለመቀላቀል ነው የፈለገው። ስሕተቱ፣ የመሳደብ ፈቃድ የዝምድናው ፍሬ ሆኖ ሳለ የዝምድና መግቢያ አድርጎ መውሰዱ ነው። "ቀልዴን ነው እኮ" ማለቱም እውነት ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይረዳል፦ ተራቢ የራሱን ሐሳብ ስለሚያውቅ ቀልዱ ሌላውንም እንደዚያው ለስላሳ ሆኖ የሚደርሰው ይመስለዋል። ተተራቢው ግን የሚሰማው ቃሉን ነው፤ የተራቢው ልብ አይታየውም። የልጅነት ጓደኛ ልብ ግን ከቃሉ አስቀድሞ ይታወቃል።

ታዲያ ሳቁ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? መሳቅ ብቻውን አይበቃም። አለቃው "አንተ ሰነፍ" ሲለው የሚስቅ ሠራተኛ ስንት አለ፤ እንጀራው ነው የሚስቀው። እኔ የማየው ምልክት የመልስ ምቱን ነው። መላጣው ቦርጩን ቆንጥጦ "ስንተኛ ወርህ ነው?" ሲል ስድቡ ወደ መጣበት ተመለሰ፣ ሁለቱም እኩል ቆሙ። ለእንግዳው ግን መልስ አልነበረውም፤ ጨዋነቱ አፉን ያዘው። ሠራተኛውም ለአለቃው መልስ የለውም። ስድብ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ፣ ተቀባዩ ምንም ያህል ቢስቅ ጉዳት የለሽ ነው ማለት ያስቸግራል። በእርግጥ ይህም ሁልጊዜ አይሠራም። መልስ የማይወዱ፣ ግን ከልባቸው የሚስቁ ሰዎች አሉ። ጽንሰ ሐሳቡም ቢሆን ከተሳቀ በኋላ ለምን እንደተሳቀ ሲያስረዳ ይሻለዋል እንጂ፣ ቃሉ ከአፍ ሳይወጣ "ይህ ያስቃል፣ ይህ ያስቀይማል" ብሎ ለመለየት ይከብደዋል፤ የእያንዳንዱን ሰው ቁስል የሚያውቀው ባለቤቱ ነውና።

የታመመው ጓደኛችን ድኖ ከብዙ ወር በኋላ ቡና ሊጠጣ መጣ። ፀጉሩ ሳሳ ብሎ እየበቀለ ነበር። ኮፍያ አድርጓል። ሁላችንም ዓይናችንን ከራሱ ላይ ለማሸሽ ስንታገል አየን። እሱም ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀና ወደ ጨዋታ አዋቂው ዞሮ፣ "ምነው፣ ዛሬ መጋረጃ የሚዘጋ ሰው ጠፋ?" አለው። ጨዋታ አዋቂው መጀመሪያ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ተነሥቶ መጋረጃውን ዘጋ።