«ቀሚሱ አልደረሰኝም»፦ ባንክ ገንዘቡን ሲመልስ ባለሱቋ ምን ታቀርባለች?

ስቶክሆልም ተቀምጣ የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ እንውሰድ። ለማሳያ ያህል የተሳለች ናት፤ የሚገጥማት ግን ነጋዴዎች በየጊዜው የሚያዩት ነው። አንዲት የጎተንበርግ ደንበኛ ለጥምቀት የሚሆን ቀሚስ ዲሴምበር 28 ቀን በ1,850 ክሮነር ታዛለች፤ የምትከፍለውም በካርድ ነው። ማርች ላይ የሱቁን የካርድ ክፍያ ከሚያስተናግደው ድርጅት መልእክት ይመጣል። ደንበኛዋ «ዕቃው አልደረሰኝም» ብላ ለባንኳ አመልክታለች፤ 1,850 ክሮነሩም ከሱቁ ሒሳብ ወጥቷል፤ በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተቆርጧል።

ይህ ቻርጅባክ የሚባለው ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ይወሰዳል፤ ክርክሩ ኋላ ይመጣል። ደንበኛ ለማመልከት በአብዛኛው 120 ቀን ሲኖራት፣ ባለሱቋ መልስ እንድትሰጥ የሚፈቀድላት ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ብቻ ነው። ቀኑ ካለፈ ማስረጃው ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የሚያነበው የለም።

የተናደደ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ስለ ታማኝነቱ ረጅም ደብዳቤ ይጽፋል። የባንኩ ሠራተኛ ግን የሚያየው አቤቱታው የተመዘገበበትን ኮድ ነው። በቪዛ ካርድ «አልደረሰኝም» የሚለው ቁጥሩ 13.1 ነው፤ «እኔ አልገዛሁም» ለሚለው የኢንተርኔት ግዢ አቤቱታ ደግሞ 10.4። ደንበኛዋ ስትከፍል በባንክአይዲ ማንነቷን ማረጋገጧ ለሁለተኛው ጥሩ መልስ ነው። ለመጀመሪያው ግን አይሆንም፤ መክፈሏን እንጂ መረከቧን አያሳይምና።

ስለዚህ ባለሱቋ የምትጀምረው ከትእዛዙ ነው፦ የትእዛዝ ቁጥር፣ ቀን፣ የቀሚሱ ዓይነት፣ ደንበኛዋ ራሷ የሞላችው አድራሻ፣ የተላከላት ማረጋገጫ ኢሜይል። ቀጥሎ የፖስትኖርድ የመከታተያ ቁጥር አለ። እዚህ ላይ «ተልኳል» የሚል መስመር ብቻውን ፋይዳ የለውም። በስዊድን የሸማቾች ሽያጭ ሕግም ቢሆን ዕቃው ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ መንገድ ላይ ቢጠፋ ኃላፊው ሻጩ ነው። በባለሱቋ ጉዳይ ዕድል ቀንቷታል፤ መዝገቡ ጥቅሉ ጃንዋሪ 3 ቀን 14:06 ላይ ከመረከቢያ ሱቅ፣ መታወቂያ ታይቶ እንደተወሰደ ይናገራል። ለርካሽነቱ ብላ ፖስታ ሣጥን ውስጥ በሚጣል መንገድ ልካው ቢሆን ኖሮ ማን እንዳነሣው የሚመሰክር አይኖርም ነበር።

ሦስተኛው ማስረጃ ስልኳ ውስጥ ነው። ደንበኛዋ በዚያው ቀን በዋትስአፕ «እህቴ፣ ቀሚሱን ዛሬ 8 ሰዓት ላይ ወስጄዋለሁ፤ ወገቡ ግን ጠበበኝ» ብላ ጽፋለች። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ አልቋል። ለባንኩ ሠራተኛ ግን ይህ የማይነበብ ፊደል ነው። ተርጓሚው ቃል በቃል ካስቀመጠው ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ ጥቅሉ 14:06 ላይ ከተወሰደ ደንበኛዋ እንዴት 8 ሰዓት ላይ ወሰድኩ ትላለች? ስለዚህ ከምስሉ ጎን የእንግሊዝኛ ትርጉም ይቀመጣል፤ ከሥሩም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የቀኑ 8 ሰዓት ማለት 14:00 እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል። «ታኅሣሥ 25» የሚል ቢኖርበትም እንዲሁ፣ ጃንዋሪ 3 መሆኑ ይጻፋል። ምስሉ የላኪዋን ስልክ ቁጥርና ቀኑን ማሳየት አለበት፤ ቁጥሩም ትእዛዙ ላይ ከተሞላው ጋር አንድ መሆኑ ይጠቆማል። ያለዚህ መልእክቱን ማንም ጽፎት ሊሆን ይችላል።

ይሁንና «ጠበበኝ» የሚለው ቃል ሁለት ስለት አለው። በስዊድን በርቀት የገዛ ሸማች ዕቃውን ከተረከበ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መተው ይችላል፤ በልኩ ተለክቶ የተሰፋ ካልሆነ በቀር። ባለሱቋ በዚያው ምሽት «መልሰሽ ላኪው፣ ገንዘብሽን እመልሳለሁ» ብላ ከሆነና ቀሚሱ ካልተመለሰ፣ ንግግሩ ሙሉውን ይቅረብ። ዝም ብላ ከነበረ ግን ያው ምስል ደንበኛዋ መረከቧን ሲያረጋግጥ፣ ለሌላ አቤቱታ በር ይከፍታል። የሚያሳፍረውን መስመር ቆርጦ ማቅረብም አያዋጣም፤ ደንበኛዋ ሙሉው ንግግር በእጇ ነው።

ሌላው ወጥመድ መልካም ልብ ነው። አቤቱታው ከተከፈተ በኋላ «ይቅር፣ ልመልስላት» ብላ በራሷ መንገድ ገንዘብ ከላከች 1,850ው ሁለት ጊዜ ሊወጣባት ይችላል፤ አንዴ በባንኩ፣ አንዴ በእሷ። መመለስ ከፈለገች አቤቱታውን መቀበሏን በዚያው በክፍያ ድርጅቱ ገጽ ታሳውቃለች። ጥቅሉ በእውነት ጠፍቶ ከሆነም መንገዱ ይኸው ነው፤ ክርክሩን ትታ ካሳውን ከአጓጓዡ ትጠይቃለች።

የምትልከው እንግዲህ አራት ወይም አምስት ገጽ ቢሆን ይበቃል። ፊት ለፊት «ጥቅሉ ጃንዋሪ 3 ቀን 14:06 መታወቂያ ታይቶ ተወስዷል፤ ደንበኛዋም በዚያው ቀን መረከቧን ጽፋለች» የሚሉ ሁለት መስመሮች፣ ከኋላ ሰነዶቹ። የደንበኛዋ ባንክ ይህን አይቶ ክርክሩን ሊቀጥል ይችላል፤ የመጨረሻው ደረጃ በካርድ ኩባንያው ዳኝነት ነው። የዚያ ክፍያ በተሸናፊው ላይ ሲያርፍ ከአንድ ቀሚስ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ብዙ ትናንሽ ሱቆች እዚያ ደጃፍ ሳይደርሱ ያቆማሉ።