ሻንጣው ሳይሆን መኪናው ይቅደም

ምጥ በአብዛኛው ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በየትኛውም ቀንና ሰዓት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ሻንጣውም መጓጓዣውም 36ኛው ሳምንት ሳያልፍ መዘጋጀት አለባቸው። ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለሻንጣው ነው፤ የሚያስቸግረው ግን መጓጓዣው ነው። የተረሳ ካልሲ በማግስቱ ይመጣል፣ ሌሊት የጠፋ መኪና ግን እስኪነጋ አይጠብቅም።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ 939 አለ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም። የጤና ጣቢያው ስልክ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ባለመኪና ጎረቤትና አንድ የታክሲ ሹፌር በወረቀት ተጽፈው በር ላይ ይለጠፉ። ከሹፌሩ ጋር ዋጋው ቀድሞ ይቆረጥ። በአንዳንድ ከተሞች ባጃጅ ከመሸ በኋላ ስለማይሠራ እሱም ቀድሞ ይጠየቅ።

መቼ መነሳት እንደሚገባ የሚወስነው ርቀቱ ነው። ሁለተኛ ልጇን የምትጠብቅ እናት ቤቷ ከጤና ጣቢያው የአንድ ሰዓት መንገድ ይርቃል እንበል፤ መኪናው እስኪመጣ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከጥሪው እስከ ጤና ጣቢያው አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በቅርብ የምትኖርና የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ እናት ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ አንድ ደቂቃ ያህል መቆየት እስኪጀምር እቤት ልትቆይ ትችላለች። ይህችኛዋ ግን ሁለተኛ ምጥ ብዙ ጊዜ ስለሚፈጥን፣ ምጡ እየተደጋገመና እየጠነከረ መሄዱን እንዳየች ስልኩን ማንሳት አለባት። መንገዱ በክረምት የሚቆረጥ ከሆነ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ጤና ጣቢያው አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ መግባት ይሻላል። በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም መንታ ያረገዘች ደግሞ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥ ሆስፒታል ለመውለድ ከሐኪሟ ጋር ቀድማ ትነጋገር። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ከታየ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ምጥ ባይኖርም ወዲያው መሄድ ያስፈልጋል።

ሻንጣው ላይ ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው የክትትል ካርዱ ነው። የደም ዓይነቷና የምርመራ ውጤቶቿ እሱ ላይ ስላሉ አዋላጇ ከዜሮ አትጀምርም። ደም ቢያስፈልግ የሚለግሱ ሁለት ሰዎች ስልክም ከካርዱ ጋር ይቀመጥ። ለእናቲቱ ፊት ለፊት የሚከፈት ቀሚስ፣ ሞዴስ፣ ነጠላና ነጠላ ጫማ ይበቃል። ለሕፃኑ ሁለት ንጹሕ ፎጣ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ልብስና ዳይፐር ይያዝ፤ ፎጣው ሁለት የሚሆነው አንዱ ልጁን ሲያደርቅ ስለሚረጥብ ነው። አጥሚት በፔርሙስ መውሰድ ጥሩ ነው፤ ለሕፃኑ ግን ከእናት ጡት በቀር ቅቤም ውሃም አያስፈልገውም። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ ነፃ ቢሆንም፣ እዚያ ላልተገኘ መድኃኒት ጥቂት ጥሬ ገንዘብ አይጠፋ።

እናትና ሕፃን ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋሙ ውስጥ መቆየት ስላለባቸው፣ እቤት የሚቀሩትን ልጆች የሚይዝ ሰውና ወደ ቤት የሚመልስ መኪና አብረው ይታሰቡ።