«ዕቃው አልደረሰኝም» ለሚል የካርድ ክርክር የሚቀርብ ማስረጃ

ሐዋሊ፦ በኩዌት በስልክ ትእዛዝ እየተቀበሉ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች አንድ ቀን ከባንካቸው የማይጠብቁት ደብዳቤ ሊደርሳቸው ይችላል። ገዢው ክፍያውን በመቃወሙ ገንዘቡ ከሒሳባቸው መቀነሱን የሚገልጽ ነው። ይህ አሠራር ቻርጅባክ ይባላል። ገዢው የሚያመለክተው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው፤ ያ ባንክም በካርዱ ድርጅት በኩል ከነጋዴው ባንክ ገንዘቡን ያስመልሳል። ዕቃውን ማስረከቡን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በነጋዴው ላይ ነው።

መልስ ከመጻፍ አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው የክርክሩ ምክንያት ነው። በቪዛ ካርድ 13.1 የሚለው ቁጥር «ዕቃው ወይም አገልግሎቱ አልደረሰኝም» ማለት ሲሆን፣ 10.4 ደግሞ ካርዱ በአካል ባልቀረበበት ግብይት «ክፍያውን የፈጸምሁት እኔ አይደለሁም» የሚል አቤቱታ ነው። ለመጀመሪያው የርክክብ ማስረጃ ዋነኛ ነው። ለሁለተኛው ግን የርክክብ ፎቶግራፍ ብቻውን አይበቃም፤ ከፋዩ በስልኩ በተላከ የማረጋገጫ ቁጥር ማንነቱ መረጋገጡን የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል።

የ13.1ን ክርክር በምሳሌ መመልከት ይቻላል። በሐዋሊ የምትሠራ አንዲት ነጋዴ ጀበናና ስኒዎችን በ38 ዲናር ከ500 ፊልስ ሸጠች እንበል። ኅዳር 11 ቀን ገዢዋ በተላከላት የክፍያ ማስፈንጠሪያ ከፈለች፤ ዕቃውም በዚያው ምሽት በሞተረኛ ተላከ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገዢዋ «አልደረሰኝም» ስትል ለባንኳ አመለከተች።

የነጋዴዋ የመጀመሪያ ማስረጃ የትእዛዙ መዝገብ ነው። የዕቃው ዝርዝር፣ ዋጋው፣ የክፍያው መለያ ቁጥርና የገዢዋ አድራሻ በአንድነት መታየት አለባቸው። አድራሻው «ሐዋሊ» ተብሎ ከቀረ ዋጋ የለውም፤ የብሎክ፣ የመንገድ፣ የሕንፃና የቤት ቁጥር ያስፈልገዋል። የካርዱም ሙሉ ቁጥር አይላክም፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ይበቃሉ።

ክርክሩ የሚጠነክረው በርክክቡ ላይ ነው። ሞተረኛው ዕቃውን ያስረከበው ለገዢዋ ሳይሆን ለሕንፃው ጥበቃ፣ በአካባቢው አጠራር ለሐሪሱ ነበር። ባንኩ «ገዢዋ መቀበሏ በምን ታወቀ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ክፍተት የሚሞላው በዋትስአፕ የተደረገው ምልልስ ነው። ገዢዋ «እህቴ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ለሐሪሱ ይስጠው» ብላ ጽፋ ከነበረ፣ ሐሪሱ በእርሷ ፈቃድ የተቀበለ ሰው ይሆናል። ሞተረኛው ያነሳው የዕቃውና የሕንፃው ቁጥር ፎቶግራፍም ከዚህ መልእክት ጋር ሲያያዝ ሙሉ ትርጉም ያገኛል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያንን የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ። ነጋዴዋ «ማታ 1 ሰዓት ይደርሳል» ብላ ጽፋለች፤ የርክክቡ መዝገብ ግን 19:20 ይላል። ቃሉ እንዳለ ከተተረጎመ ባንኩ የሚያነበው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ነው፤ ማስረጃውም እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ኩዌትና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ የሚለየው አቆጣጠሩ ነው። ስለዚህ በትርጉሙ «ከቀኑ 19:00» ተብሎ መጻፍ፣ ኅዳር 11ም ኖቬምበር 20 ተብሎ መገለጽ ይኖርበታል። የአማርኛው ምልልስ ቅጂ ባንኩ በሚጠቀምበት ቋንቋ ከተዘጋጀ ትርጉም ጋር ጎን ለጎን ይቀርባል።

ገዢዋ በማግስቱ «አንዱ ስኒ ተሰብሮ ነው የመጣው» ብላ ጽፋ ከነበረ፣ ዕቃው እንደደረሳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ሆኖም መልእክቱ ነጋዴዋንም ይጠይቃል፤ የተሰበረ ዕቃ ራሱን የቻለ ሌላ የክርክር ምክንያት ነውና። ነጋዴዋ ስኒውን ለመተካት የሰጠችው መልስ አብሮ መታየት አለበት። ለእርሷ የሚጠቅመውን ብቻ ቆርጣ ብታቀርብ፣ ገዢዋ ሙሉውን ምልልስ ስታወጣ ሌላው ማስረጃም ተአማኒነቱን ያጣል።

እነዚህ ማስረጃዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ተደርድረው፣ ከላያቸው አንድ ገጽ ማብራሪያ ተደርጎ፣ የባንኩ ደብዳቤ ከወሰነው ቀን በፊት ይላካሉ። ቀኑ ካለፈ ጠንካራ ማስረጃም አይታይም። ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ ባንኩ ሳያውቅ ለገዢው ገንዘብ በእጅ መመለስም አደገኛ ነው፤ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላልና።

ሐሪሱ እንዲቀበል ያልተፈቀደ፣ ፎቶግራፍም ያልተነሣ ከሆነ ግን የነጋዴዋ መልስ የሚቆምበት መሠረት አይኖረውም። በቪዛ ደንብ ገዢው ይህን ዓይነት ክርክር የሚያነሣው በአብዛኛው እስከ 120 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የዋትስአፑን ምልልስና የሞተረኛውን ፎቶግራፍ ከዚያ በፊት ከስልኩ ያጠፋ ነጋዴ፣ ክርክሩ ሲመጣ በእጁ የሚቀረው ቃሉ ብቻ ነው።