የሽያጭ ሠራተኛ የሳምንት መንገድ

የሽያጭ መንገድ ዕቅድ ከካርታ በፊት ከደንበኞች ዝርዝር ይጀምራል። ለምሳሌ አንድ የሳሙናና የምግብ ዘይት ሽያጭ ሠራተኛ በአዲስ አበባ 150 ደንበኞች አሉት እንበል። 20ዎቹ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች ናቸው፤ ብዙ ስለሚገዙ በየሳምንቱ ይጎበኛሉ። ከባለሱቆቹ 60ዎቹ በየሁለት ሳምንቱ፣ ትንሽ የሚገዙት 70ዎቹ በ4 ሳምንት አንድ ጊዜ ይታያሉ። ድምሩ በ4 ሳምንት 270 ጉብኝት ነው። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሰው በቀን 11 ያህል ይደርሰዋል።

ጅምላ ነጋዴ ዘንድ የቀረውን ካርቶን መቁጠር፣ በዋጋ መነጋገርና የዱቤ ሂሳብ መሰብሰብ 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ለአንድ ሱቅ 15 ደቂቃ ይበቃል። በዚህ ስሌት ንግግሩ ብቻ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከ8 የሥራ ሰዓት ላይ ለምሳና ለደረሰኝ ሥራ አንድ ሰዓት ሲቀነስ ለጉዞ የሚተርፈው ከ3 ሰዓት ያንሳል። ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው በአማካይ 15 ደቂቃ መሆኑ ነው። ጠዋት ኮልፌ፣ ከሰዓት ሳሪስ የሚል ዕቅድ ከጉዞው ጊዜ ትልቁን ድርሻ በአንድ ጉዞ ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ቀን ይኑረው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት መርካቶ ሰባት ሰባት ጅምላ ነጋዴዎችን፣ መኪናውን አንድ ቦታ አቁሞ በእግር ማዳረስ ይቻላል፤ ከሰዓት በአቅራቢያው ያሉ አራት አምስት ሱቆች ይጨመራሉ። ማክሰኞ ለኮልፌ፣ ሐሙስ ለአየር ጤና፣ ቅዳሜ ለሳሪስ ይሆናል። ቀኑ የማይለዋወጥ ከሆነ ባለሱቁ ያለቀበትን ዕቃ አስቀድሞ ያያል፣ ገንዘቡንም ያዘጋጃል። ይህ ከነዳጁ ቁጠባ የማይተናነስ ጥቅም ነው።

በሰፈሩ ውስጥ ሁልጊዜ ወደሚቀርበው ሱቅ መሄድ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ዳር ያሉት ሱቆች ተዘልለው ይቀሩና ማምሻውን ለእነሱ ሲባል መንገዱን መልሶ ማቋረጥ ግድ ይላል። ጉዞው ራሱን ሳያቋርጥ ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ ቢሆን ይሻላል። ሰዓቱም ይታሰብበት። የሰፈር ሱቅ ማለዳ በዳቦ ገዢ፣ ማታ ከሥራ በሚመለስ ሰው ይጨናነቃል፤ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ግን ባለሱቁ ለመነጋገር ፋታ ያገኛል። ዓርብ ቀትር ላይ መርካቶ ብዙ ነጋዴዎች ለጁምዓ ሶላት ስለሚሄዱ፣ ምሳና የደረሰኝ ሥራ በዚያ ሰዓት ቢውሉ ጊዜ አይባክንም።

መንገዱ መሥራቱ የሚታወቀው በተጎበኙት ሱቆች ብዛት ሳይሆን ስንቱ ትእዛዝ እንደሰጡ በመቁጠር ነው። ትእዛዝ ያልተገኘበት ምክንያት በአንድ ቃል ይመዝገብ። «ባለቤቱ የለም» የሚለው ከተደጋገመ የጉብኝቱ ሰዓት ይቀየራል፤ «ገንዘብ የለም» ከሆነ ቀኑ። «ዕቃው አላለቀም» የሚለው ደግሞ ጉብኝቱ መብዛቱን ይነግራል፤ ያ ሱቅ ከሁለት ሳምንቱ ዝርዝር ወደ ወሩ ይወርድና ቦታው ቶሎ ቶሎ ዕቃ ለሚያልቅበት ጎረቤቱ ይሰጣል።